የስክሪንሾቷ ማትሪክስ፦ ዲተርሚናንቷንም ኢንቨርሷንም በአንድ ሮው ሪዳክሽን

(ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለፍሬሽማንና ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ገለጻ፤ ከንግግሩ የተጻፈ)

እሺ፣ እንዴት ዋላችሁ። ኋላ ያላችሁ ትሰማላችሁ? ጥሩ። ፕሮጀክተሩን ትተነዋል፣ ለዛሬው ነገር ሰሌዳው ይሻላል፣ ምክንያቱም እያንዳንዷን መስመር አብረን ነው እምንጽፋት፣ ደብተር ያላችሁ አውጡ።

ዛሬ የምንሰራው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው። በቴሌግራም ግሩፕ ስትዞር የሰነበተች የሆምወርክ ስክሪንሾት ናት፣ አብዛኞቻችሁ ስልካችሁ ላይ አለች። የማትሪክሷን ዲተርሚናንትና ኢንቨርስ በሮው ኦፕሬሽን ፈልጉ ነው የምትለው። ግሩፑ ላይ ታዲያ ሦስት አይነት መልስ መጣ፤ አንዱ ዲተርሚናንቱ 2 ነው አለ፣ አንዷ 6 ነው አለች፣ ሌላው ደግሞ ዜሮ ነው ኢንቨርስ የላትም ብሎ ዘጋው። የሦስቱንም አሰራር አይቼዋለሁ። ማባዛትና መደመር ላይ የተሳሳተ የለም፣ እያንዳንዱ መስመር ሲታይ ልክ ነው። ግን ሦስት መልስ ልክ ሊሆን አይችልም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ካወቃችሁ ሌላ ማትሪክስ ሲመጣም አትቸገሩም፣ ለዛ ነው ይቺን አንዷን እስከ መጨረሻው እምንጨርሳት።

መጀመሪያ ማትሪክሷን እንጻፋት።

```
      |  2   1   3 |
A  =  |  1  -1   1 |
      |  3   2   4 |
```

ቆይ፣ እዚህ ጋ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ተለወጠ፣ የናንተ ስልክ ላይ መሀል ያለችው ቁጥር 1 ናት አይደል? ማይነስ የላትም። እዚህ ፊት ያለችው እህታችን ግን ዋናውን ፒዲኤፍ ይዛለች፣ እሷ ጋ -1 ነው የሚለው። የሆነው ምን መሰላችሁ፣ ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት ኮምፕረስ ያደርገዋል፣ ያ የተላከው እንደገና ስክሪንሾት ይደረግና እንደገና ይላካል፣ በየዙሩ ቀጫጭን መስመሮች ይደበዝዛሉ። ከሁሉም ቀጭኗ ደግሞ ማይነስ ናት። እንደ ፋይል ከላካችሁት ኮምፕረስ ስለማያደርገው እንዳለ ይደርሳል።

ፒዲኤፉ ባይኖርስ? አንድ የማይበት መንገድ ላሳያችሁ። በኮምፒውተር የተጻፈ ማትሪክስ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ኮለም መሀል ለመሀል ተደርጎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚ ማይነስ ያለው ቁጥር ሲቀመጥ ማይነሷና ቁጥሯ አንድ ላይ ሆነው ነው መሀል የሚይዙት፣ እና ቁጥሯ ብቻዋን ስትታይ ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ ትላለች። አሁን ስልካችሁን አውጡና ሁለተኛውን ኮለም ከላይ ወደ ታች እዩት፣ 1፣ 1፣ 2 ይላል፣ ግን የመሀሏ 1 ከላይኛዋና ከታችኛዋ ጋር አንድ መስመር ላይ አይደለችም፣ ወደ ቀኝ ወጣ ብላለች። አያችሁ? እዛ ጋ ማይነስ ነበረች ማለት ነው፣ ቀለሟ ቢጠፋም ቦታዋ አልጠፋም። ሌላው፣ ጎንና ጎን ያሉትን ቀጥ ያሉ የቅንፍ መስመሮች 1 ናቸው ብሎ አንብቦ ማትሪክሷን አምስት ኮለም ያደረጋትም አይቻለሁ፣ እሱ ግን ቶሎ ይታወቃል፣ ኢንቨርስ እንዲኖር ሮውና ኮለም እኩል መሆን ስላለበት።

እሺ ወደ ስራው። ዘዴው ጋውስ-ጆርዳን ይባላል፣ ጋውስ የምታውቁት ነው፣ ጆርዳን የተባለው ደግሞ ዊልሄልም ዮርዳን ነው፣ የመሬት ልኬት ባለሙያ የነበረ ጀርመናዊ፣ 1888 ላይ ለልኬት ስሌት ብሎ ነው በመጽሐፉ ያወጣው፣ ስለዚ ዘዴው ከመጀመሪያውም በእጅ ለሚያሰላ ሰው የተሰራ ነው። አሰራሩ ማትሪክሷን በግራ፣ አይደንቲቲን በቀኝ አድርገን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን፣ ከዛ ግራው አይደንቲቲ እስኪሆን ድረስ ሮው ኦፕሬሽን እንሰራለን፣ ግራ ላይ የሰራነውን ሁሉ ቀኝ ላይም እንሰራለን። ግራው አይደንቲቲ ሲሆን ቀኝ ላይ የቀረችው ኢንቨርሷ ናት።

ለምን ይሰራል? ብዙ ጊዜ ይሄ ሳይነገር ስለሚታለፍ በአጭሩ ልበለው። አንድ ሮው ኦፕሬሽን መስራት ማለት ከግራ በኩል በሆነች ትንሽ ማትሪክስ ማባዛት ማለት ነው። ኦፕሬሽኖቹ ሁሉ ተባዝተው አንድ ላይ E ብንላቸው፣ መጨረሻ ላይ EA = I ሆነ ማለት ነው፣ ስለዚ E ራሷ ኢንቨርሷ ናት። ቀኝ ላይ ያለውስ? አይደንቲቲን በዛችው E ስናባዛት የምናገኘው E ን ነው። ቀኙ የሰራነውን ሁሉ እየመዘገበ የሚሄድ ክፍል ነው በቃ። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ዜሮ የመጣለት ልጅ ጋ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ዲተርሚናንቱስ? እሱንም ከዚሁ ስራ ላይ ነው የምናገኘው፣ ሌላ ስሌት አያስፈልግም። ግን ዲተርሚናንት እንደ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ነው፣ የነካችሁትን በነካችሁበት ሰዓት ካልጻፋችሁ ወር ሲያልቅ ሒሳቡ አይገጥምም። ሦስት አይነት ኦፕሬሽን ነው ያለው። ሁለት ሮው ስታቀያይሩ ዲተርሚናንቱ ምልክቱን ይቀይራል። አንድ ሮው በሆነ ቁጥር ስታባዙ ወይ ስታካፍሉ ዲተርሚናንቱም በዛው ይባዛል ወይ ይካፈላል። ከአንድ ሮው ላይ የሌላውን ሮው ብዜት ስትደምሩ ወይ ስትቀንሱ ግን ዲተርሚናንቱ አይነካም። እያንዳንዱን መስመር ስንሰራ ዳር ላይ ይሄን እየጻፍን ነው እምንሄደው።

መነሻችን ይሄ ነው።

```
[ 2   1   3 |  1   0   0 ]
[ 1  -1   1 |  0   1   0 ]
[ 3   2   4 |  0   0   1 ]
```

ላይኛው ግራ ጥግ ላይ 1 እንፈልጋለን፣ ያለው ግን 2 ነው። ለ2 አካፍለን መቀጠል እንችላለን፣ ግን ገና ከጅምሩ ግማሽ በግማሽ ይሆንብናል። ሁለተኛው ሮው በ1 ስለሚጀምር እሱን ወደ ላይ እናምጣው፣ R1 እና R2 ን እናቀያይር።

```
R1 <-> R2                        ዳር ላይ: ×(-1)

[ 1  -1   1 |  0   1   0 ]
[ 2   1   3 |  1   0   0 ]
[ 3   2   4 |  0   0   1 ]
```

ቀኙም አብሮ እንደተቀያየረ ልብ በሉ። አሁን ከ1 በታች ያሉትን 2 እና 3 ዜሮ እናድርግ። ከሁለተኛው ሮው ላይ የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ እንቀንሳለን፣ ከሦስተኛው ላይ ሦስት እጥፉን። ቀስ ብለን ነው፣ ምክንያቱም ማይነስ ያለው ቁጥር ሲቀነስ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሁለተኛው ሮው፦ 2-2 ዜሮ፣ 1-2(-1) ሦስት፣ 3-2 አንድ፣ ቀኝ ላይ 1-0 አንድ፣ 0-2 ማይነስ ሁለት፣ ዜሮ። ሦስተኛው ሮው፦ 3-3 ዜሮ፣ 2-3(-1) አምስት፣ 4-3 አንድ፣ ቀኝ ላይ ዜሮ፣ ማይነስ ሦስት፣ አንድ።

```
R2 -> R2 - 2R1                   ዳር ላይ: ምንም
R3 -> R3 - 3R1                   ዳር ላይ: ምንም

[ 1  -1   1 |  0   1   0 ]
[ 0   3   1 |  1  -2   0 ]
[ 0   5   1 |  0  -3   1 ]
```

እዚህ ጋ ነው መንገዱ የሚለያየው፣ 2 ያለውና 6 ያለችው የተለያዩት እዚህ ነው። እስከዚህ ሁለቱም አንድ አይነት ነው የሰሩት። አሁን 3 እና 5 አሉን፣ ሁለተኛው ፒቮት 3 ሊሆን ነው፣ ከታቹ ያለውን 5 ማጥፋት አለብን። መጽሐፍ ላይ ያለው መንገድ ሁለተኛውን ሮው ለ3 አካፍሎ ከዛ አምስት እጥፉን መቀነስ ነው፣ ልክ ነው ግን ሲሶ በሲሶ ይሆናል። እኔ የምመርጠው ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ነው፤ ሁለቱም ሮው በ1 ነው የሚያልቁት፣ ስለዚ ዝም ብሎ አንዱን ከአንዱ ብንቀንስ የመጨረሻው ይጠፋልናል።

```
R3 -> R3 - R2                    ዳር ላይ: ምንም

[ 1  -1   1 |  0   1   0 ]
[ 0   3   1 |  1  -2   0 ]
[ 0   2   0 | -1  -1   1 ]
```

አያችሁ ሦስተኛው ሮው እንዴት ቀለለ፣ 0 2 0። ይሄን ወደ ሁለተኛ ቦታ እናምጣውና ለ2 እናካፍለው።

```
R2 <-> R3                        ዳር ላይ: ×(-1)
R2 -> (1/2)R2                    ዳር ላይ: ×(1/2)

[ 1  -1   1 |   0     1     0  ]
[ 0   1   0 | -1/2  -1/2   1/2 ]
[ 0   3   1 |   1    -2     0  ]
```

ክፍልፋይ አሁን ነው የመጣው፣ መጨረሻ አካባቢ፣ ከዚህ በኋላ ብዙ አይቀረንም። ከሦስተኛው ላይ የሁለተኛውን ሦስት እጥፍ ቀንሱ። ቀኝ ላይ 1+3/2 አምስት በሁለት ይሆናል፣ -2+3/2 ማይነስ ግማሽ፣ 0-3/2 ማይነስ ሦስት በሁለት። ከዛ ሁለተኛውን ሮው ለመጀመሪያው ደምሩለት፣ ያ -1 ይጠፋል።

```
R3 -> R3 - 3R2                   ዳር ላይ: ምንም
R1 -> R1 + R2                    ዳር ላይ: ምንም

[ 1   0   1 | -1/2   1/2   1/2 ]
[ 0   1   0 | -1/2  -1/2   1/2 ]
[ 0   0   1 |  5/2  -1/2  -3/2 ]
```

የቀረችው ላይኛው ሮው መጨረሻ ላይ ያለችው 1 ናት። ሦስተኛውን ሮው ከመጀመሪያው እንቀንስ፦ -1/2-5/2 ማይነስ ሦስት፣ 1/2+1/2 አንድ፣ 1/2+3/2 ሁለት።

```
R1 -> R1 - R3                    ዳር ላይ: ምንም

[ 1   0   0 |  -3     1     2  ]
[ 0   1   0 | -1/2  -1/2   1/2 ]
[ 0   0   1 |  5/2  -1/2  -3/2 ]
```

ግራው አይደንቲቲ ሆነ፣ ኢንቨርሷ ቀኝ ላይ ናት። አሁን ዳር ዳሩን እንሰብስብ። ምን ምን ጻፍን? ማይነስ አንድ፣ ማይነስ አንድ፣ ግማሽ። የአይደንቲቲ ዲተርሚናንት 1 ነው። ስለዚ የ A ዲተርሚናንት በነዚህ ሦስቱ ተባዝቶ 1 ሆኗል ማለት ነው፦

```
det(A) · (-1) · (-1) · (1/2) = 1
det(A) = 2
```

ዳር የጻፍነው በ A ላይ የደረሰውን ነው፣ ስለዚ ወደ A ለመመለስ በግልባጩ ነው የምትሄዱት፣ ግማሽ ከተጻፈ 2 ነው የሚሆነው። ይሄን ገልብጦ ዲተርሚናንቱን ግማሽ ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፣ ግማሹ የኢንቨርሷ ዲተርሚናንት ነው።

አሁን ወደ 6 እንሂድ። እህታችን የሰራችውን ሰሌዳው ላይ ልጻፈው፣ ከዚህ ነው የቀጠለችው፦

```
[ 1  -1   1 |  0   1   0 ]
[ 0   3   1 |  1  -2   0 ]
[ 0   5   1 |  0  -3   1 ]

R3 -> 3R3 - 5R2

[ 1  -1   1 |  0   1   0 ]
[ 0   3   1 |  1  -2   0 ]
[ 0   0  -2 | -5   1   3 ]
```

ክፍልፋይ ላለማምጣት ሦስተኛውን በ3 አባዝታ የሁለተኛውን አምስት እጥፍ ቀነሰች፣ 15-15 ዜሮ፣ 3-5 ማይነስ ሁለት። በጣም የተለመደ አሰራር ነው፣ አስተማሪዎችም ያሳያሉ። ከዛ ከዳያጎናሉ በታች ያለው ሁሉ ዜሮ ስለሆነ ዳያጎናሉን አባዛች፦ 1 ሲባዛ 3 ሲባዛ -2፣ ማይነስ ስድስት፣ አንድ ጊዜ ስላቀያየረች ምልክቱን ቀየረችው፣ ፕላስ ስድስት። መቀያየሩን እንኳ አልረሳችም።

ያመለጣት R3 -> 3R3 - 5R2 አንድ ኦፕሬሽን ይምሰል እንጂ ሁለት መሆኑ ነው። መጀመሪያ R3 ን በ3 ማባዛት፣ ከዛ 5R2 መቀነስ። መቀነሱ ዲተርሚናንቱን አይነካም፣ በ3 ማባዛቱ ግን በ3 ያባዛዋል። ዳር ላይ ×3 መጻፍ ነበረባት። ስለዚ 6 ን ለ3 ስናካፍል 2። ደንቡን በአንድ ቃል ያዙት፤ የምትለውጡት ሮው ራሱ ፊቱ ላይ ቁጥር ካለበት ያ ቁጥር ይጻፋል፣ የሚቀነሰው ሮው ፊት ያለው ቁጥር ግን ምንም አያመጣም። 3R3 ላይ ያለው 3 ይጻፋል፣ 5R2 ላይ ያለው 5 አይጻፍም።

ግን አሁን አንድ ነገር እዩልኝ፣ ለኔ የዚህ ጥያቄ ዋናው ነገር ይሄ ነው። የሷን ሦስተኛ ሮው ለ-2 አካፍሉት እስቲ። ቀኝ ላይ -5 ለ-2፣ 5/2። 1 ለ-2፣ -1/2። 3 ለ-2፣ -3/2። ከኛ ሦስተኛ ሮው ጋር አንድ ነው! ኢንቨርሷን ልክ ነው ያገኘችው። ዲተርሚናንቷ ግን ስህተት ነው። እንዴት ሊሆን ቻለ ካላችሁ፣ በ3 ስታባዛ ቀኙም አብሮ ተባዝቷል፣ ስለዚ ኢንቨርስ ላይ ምንም አይጠፋም፣ ቀኙ መዝግቦታል። ዲተርሚናንቱን ግን የሚመዘግብለት የለም፣ እናንተ ካልጻፋችሁት ማንም አይጽፍለትም። ስለዚህ "ኢንቨርሴ ልክ ስለሆነ ዲተርሚናንቴም ልክ ነው" የሚባል ነገር የለም፣ ለየብቻ ነው ቼክ የሚደረጉት።

እንዴት ቼክ እናድርግ? ኢንቨርሱን በማባዛት፣ A ን በኢንቨርሷ አባዝታችሁ አይደንቲቲ መምጣት አለበት። ሁለተኛውን ሮው አብረን እንየው፣ 1 -1 1 ነው። በመጀመሪያው ኮለም፦ -3 + 1/2 + 5/2 ዜሮ። በሁለተኛው፦ 1 + 1/2 - 1/2 አንድ። በሦስተኛው፦ 2 - 1/2 - 3/2 ዜሮ። 0 1 0 መጣ፣ ልክ። የቀሩትን ሁለት ሮው እናንተ ጨርሱ። ዲተርሚናንቱን ደግሞ 3 በ3 ስለሆነች በሰያፍ ማባዛት ቼክ ማድረግ ይቻላል፦

```
  2·(-1)·4 + 1·1·3 + 3·1·2  =  -8 + 3 + 6  =  1
  3·(-1)·3 + 2·1·2 + 1·1·4  =  -9 + 4 + 4  = -1
  1 - (-1) = 2
```

2 ልክ ነው። ይሄ የሰያፉ ዘዴ ግን ለ3 በ3 ብቻ ነው የሚሰራው፣ 4 በ4 ላይ ስትሞክሩት ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ግን ያ ቁጥር ዲተርሚናንት አይደለም።

እሺ ዜሮ ያለው ልጅ ጋ እንምጣ። እሱ ምንም አላጠፋም፣ የጠፋችው ማይነስ ናት። መሀሏን 1 አድርጎ ነው የሰራው፣ እንደሱ እንስራው።

```
[ 1   1   1 |  0   1   0 ]
[ 2   1   3 |  1   0   0 ]
[ 3   2   4 |  0   0   1 ]

R2 -> R2 - 2R1,  R3 -> R3 - 3R1

[ 1   1   1 |  0   1   0 ]
[ 0  -1   1 |  1  -2   0 ]
[ 0  -1   1 |  0  -3   1 ]

R3 -> R3 - R2

[ 1   1   1 |  0   1   0 ]
[ 0  -1   1 |  1  -2   0 ]
[ 0   0   0 | -1  -1   1 ]
```

ግራ ላይ ሙሉ ዜሮ ሮው መጣ፣ ዲተርሚናንቱ ዜሮ ነው፣ ኢንቨርስ የለም። ለዛች ማትሪክስ ልክ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይዘጋዋል፣ እኔ ግን ቀኙን አንብቡት ነው የምለው። ቅድም ቀኙ የሰራነውን ይመዘግባል ብያችሁ ነበር። -1 -1 1 ምን እያለ ነው? ከመጀመሪያዋ ማትሪክስ አንደኛውን ሮው ቀንስ፣ ሁለተኛውን ቀንስ፣ ሦስተኛውን ደምር፣ ዜሮ ታገኛለህ ነው የሚለው። ማለትም ሦስተኛው ሮው የሁለቱ ድምር ነው። እውነት መሆኑን በአይን እዩት፦ 2 1 3 እና 1 1 1 ሲደመሩ 3 2 4። ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዜሮ ሲመጣባችሁ ታዲያ በዚህ ነው የምታጣሩት። የቀኙን ቁጥሮች ወስዳችሁ መነሻ ማትሪክሷ ላይ ስሩባቸው። ዜሮ ካልሰጡ መንገድ ላይ የሆነ ስሌት ተሳስታችኋል። ዜሮ ከሰጡ ስሌታችሁ ንጹህ ነው፣ የጻፋችኋት ማትሪክስ በእውነት ኢንቨርስ የላትም፣ ከዛ የሚቀረው ማትሪክሷን ትክክል ገልብጫለሁ ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው ደግሞ ኢንቨርሱን ፈልጉ ነው የሚለው። ኢንቨርስ ካላት አይልም፣ ፈልጉ ነው የሚለው። እንደዛ ሲሆን ወደ ስክሪንሾቱ ተመለሱ፣ ያቺን ወደ ቀኝ ገፋ ያለችውን 1 የምትፈልጓት ያኔ ነው።

ጥያቄ ያለው? እሺ፣ መስኮቱ ጋ ያለኸው ወንድሜ።

«ጋሼ፣ ኮለም ኦፕሬሽን መስራት አይቻልም ወይ? ለዲተርሚናንት ይቻላል ተብሎ ተምረናል።»

ለዲተርሚናንት ይቻላል፣ ሕጉም አንድ አይነት ነው። ለኢንቨርስ ግን ሮውና ኮለም አትቀላቅል። ሮው ከግራ ነው የሚያባዛው፣ ኮለም ከቀኝ። ቀላቅለህ ስትሰራ EAF = I ይሆናል፣ የቀኙ ክፍል ግን የመዘገበው E ን ብቻ ነው፣ F የት ደረሰች? ትክክለኛዋ ኢንቨርስ FE ናት፣ አንተ የያዝከው E ን ነው። ግራው አይደንቲቲ ስለሆነልህ የጨረስክ ይመስልሃል፣ ስታባዛው ግን አይገጥምም። ስለዚ ሁለቱን በአንድ ስራ ላይ ማግኘት ከፈለግክ ሮው ላይ ብቻ ቆይ።

አንቺስ እህቴ?

«እኔ ማይነሷን በትክክል ጽፌ ነው የሰራሁት፣ ግን ዜሮ ነው የመጣልኝ።»

ደብተርሽን እስቲ። እእ፣ አየሁት፣ ይሄን ለሁሉም ላሳያቸው፣ ጥሩ ነገር ነው ያመጣሽው። እዚህ ጋ ደርሳለች፦

```
[ 1  -1   1 ]
[ 0   3   1 ]
[ 0   5   1 ]
```

ከዛ በአንድ እርምጃ R2 -> R2 - R3 እና R3 -> R3 - R2 ብላ ጽፋለች፣ ሁለቱንም ከድሮው ላይ ነው የቀነሰችው። ሁለተኛው 0 -2 0 ሆነ፣ ሦስተኛው 0 2 0 ሆነ፣ ሲደመሩ ዜሮ። ይሄ በምንም ማትሪክስ ላይ ብትሰሪው ሁሌም ዜሮ ነው የሚሰጥሽ፣ አንዱ የሌላው ማይነስ ስለሚሆን፣ ማትሪክሷ ምንም ይሁን ምን ለውጥ የለውም። ኦፕሬሽን በተራ ነው የሚሰራው፣ መጀመሪያ R2 ይለወጣል፣ ከዛ R3 ላይ የሚቀነሰው አዲሱ R2 ነው፦

```
R2 -> R2 - R3

[ 1  -1   1 ]
[ 0  -2   0 ]
[ 0   5   1 ]

R3 -> R3 - R2

[ 1  -1   1 ]
[ 0  -2   0 ]
[ 0   7   1 ]
```

አሁን ዜሮ ሮው የለም። ከዚህ ዲተርሚናንቱን አስይው፣ 1 ሲባዛ (-2·1 - 0·7)፣ ማይነስ ሁለት ነው፣ መጀመሪያ አንድ ጊዜ አቀያይረሽ ነበር፣ ምልክቱ ይቀየራል፣ 2።

አንድ እርምጃ ላይ ሁለት ኦፕሬሽን መጻፍ ክልክል አይደለም፣ እኛም R2 - 2R1 እና R3 - 3R1 ን አብረን ጽፈናል። እሱ ልክ የሆነው የሚቀነሰው R1 በዛ እርምጃ ስላልተለወጠ ነው። የምትቀንሱት ሮው ራሱ እየተለወጠ ከሆነ ግን መስመር ቀይሩና ለብቻው ጻፉት።